የወሰድኩባት መንገድ

ሚስቴ የዒድ ቀሚሷን ይዛ ሱቄ የመጣች ዕለት የራሴን ሱሪ ወገብ እያጠበብኩ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ዕድሜዬን ተቀምጬ ፈጅቻለሁ።

«ጎንና ጎኑን ትንሽ ልቀቅልኝ፣ አልገባኝ አለ» አለችኝ።

«ቤት መዋል ተስማማሽ መሰለኝ» አልኳትና ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ቀሚሱን ስፌት መኪናው ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ያቺን ቃል ባስታወስኩ ቁጥር አሁንም ፊቴ ይግላል።

ነገሩ የጀመረው በእኔ ሆድ ነው። ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ደሜን መርምራ «ስኳርዎ ወደ አደጋው እየተጠጋ ነው፤ መድኃኒት ውስጥ ሳንገባ ይህን ሆድ እንቀንሰው» አለችኝ። ስልኬንም ተቀብላ እርምጃ የሚቆጥረውን ነገር ከፈተችልኝ። ሆዴ እውነትም ከእኔ ቀድሞ በር ይገባ ነበር። ደነገጥኩና ከጎረምሶች ጋር ጠዋት ጠዋት በደሴ መንገድ መሮጥ ያዝኩ። ጉልበቴ አበጠ። ላቡ ሲደርቅ ደግሞ ረሃቡ አያድርስ ነው፤ የሁለት ሰው ቁርስ ጠርጌ በልቼ ሱቄ ስገባ እንቅልፍ ይጥለኛል። ሩጫውን ተውኩና ምግብ ቀነስኩ። መጀመሪያ ከሳሁ፣ ከዚያ ሚዛኑ ቀጥ አለ።

ሲስተሯ ስልኬን አይታ ሳቀች። «ምግብ በቀነሱ ቁጥር እርምጃዎም ወርዷል። ሰውነት ሲጎድልበት ሳያስታውቅዎት ይቆጥባል፤ ቁጭ ቁጭ ያሰኝዎታል።» እውነቷን ነው፤ ጥግ ያለችውን መቀስ ለማንሳት እንኳ ሰው እስኪመጣ እጠብቅ ጀምሬ ነበር። «ሩጫው ይቅር። ይራመዱ። ሰው እያዋሩ የሚሄዱት ዓይነት ይሁን፤ ጉልበት አይጎዳም፣ ቀኑን ሙሉ አያዝልዎትም፣ እንደዚያም አያስርብዎትም። የግድ በአንዴ መሄድ የለብዎትም፤ ጠዋት ትንሽ፣ ማታ ትንሽ ሁሉም ይደመራል። ቀስ እያሉ ይጨምሩና የደረሱበትን እንዳያወርዱት።»

«እሺ፣ ግን ወዴት ልሂድ?» አልኳት።

የምሬን ነው የጠየቅኳት። እኛ ዘንድ ሰው ያለ ጉዳይ አይሄድም። አንድ ቀን ሞክሬው ባጃጁ ሁሉ አጠገቤ እየቆመ «ጋሼ ግባ እንጂ» ይለኛል፤ አንዱ ወዳጄ «ምነው፣ ማን ሞተ?» ብሎ ከሱቁ ሮጦ ወጣ። አፍሬ ተመለስኩ። ጉዳይ ያለው መንገድ ያስፈልገኝ ነበር፤ ጉዳይ ያለው መንገድ ሁሉ ደግሞ የሚስቴ ነበር።

ውሃ ከቦኖ የምትቀዳ እሷ። ወፍጮ ቤት እሷ። ገበያ እሷ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በየቀኑ ከዙህር ሶላት በኋላ ምሳ ቋጥራ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች። እናቷ ከከተማው ወጣ ብሎ በሐይቁ በኩል ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ቤቴን ጥዬ አልመጣም ብለው እምቢ ያሉ ሴት ናቸው። ጥሩ መንገድ ነው፣ ረጅም ነው፣ ዳገትም አለው። ለስልኬ እንዲህ ያለ መንገድ ከየት ይገኛል?

«አብሽሪ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም እኔ ነኝ። አንቺ እረፊ» አልኳት።

«ኧረ ተው፣ ጀሪካን ይዘህ ሰው ምን ይልሃል?» አለች።

ሰው ያለውንማ ስሰማ አበጥኩ። ቦኖው ላይ ሴቶቹ «ባል ማለት እንዲህ ነው» ይላሉ፤ እኔም ጀሪካኔን ይዤ ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ። ወላሂ፣ ሚስቴን ያሳረፍኩ መስሎኝ ነበር። ማታ ማታ ስልኩን አወጣና ቁጥሩን አሳያታለሁ፤ ሦስት ሺህ የነበረው ዘጠኝ ሺህ ደርሷል። «ማሻ አላህ» ትለኛለች፣ ሳህኑን እያነሳች።

እናቷ ዘንድ ምሳውን ከደጅ አቀብላቸውና ሰላም ብዬ እመለሳለሁ። አማች ነኝ፣ ቁጭ ብዬ ምን አወራለሁ? ሁልጊዜ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ከኋላዬ መንገዱን ያያሉ። «ልጄስ?» ይላሉ። «ደህና ናት እማማ፣ እያረፈች ነው» እላለሁ። «ይሁን» ይሉና ሳህኑን ይቀበሉኛል። ስንት ጊዜ «ይሁን» እንዳሉኝ!

ወራት አለፉ። ሆዴ ጎደለ፣ ስኳሬም ወረደ። ቀሚሷን የለቀቅኩትም ያኔ ነው። ዒድ ካለፈ በኋላ ራሷን ያማት ጀመር፤ የቤታችንን ደረጃ ስትወጣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተሯ ለካቻት፤ የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ ክብደቷም ጨምሯል።

«ምግብ ጨምረዋል እንዴ?»

«ኧረ በአላህ! የምበላው ያው ነው።»

«እንቅስቃሴስ?»

እኔ ቀልጣፋው ከሚስቴ ቀደም ብዬ መለስኩ። «አሁንማ አሳርፌያታለሁ። ውሃው እኔ ነኝ፣ ወፍጮው እኔ ነኝ፣ ገበያው እኔ፣ እናቷም ዘንድ…» አፌ ላይ ቀረ። እጄ ሱሪዬን ይዞ ነበር፤ ወገቡ እንደገና ሰፍቶኛል። ሲስተሯ እኔን አየች፣ እሷን አየች። «በዚህ ብቻ ነው የመጣው አልልም፤ ግን ያንን ሁሉ እርምጃ በአንዴ ማቆሙ ቀላል አይደለም» አለች። በደግ ቃል ነው ያለችው። እኔ ግን ክው አልኩ። ያ ሁሉ ዘጠኝ ሺህ ከየት እንደመጣ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ስንመለስ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ጥፋቱን ለእሷ ላካፍላት ፈልጌ ይሆናል።

ቆመች። «ምን ብዬ ልንገርህ? ባሌ ሥራ አገዘኝ ብዬ ልክሰስህ? አገር ምድሩ እያመሰገነህ?» ወደ እኔ ዞረች። «ክብደቱን መች አወቅኩት። እናቴን ነው ያጣሁት። ዓርብ ዓርብ ብቻ፣ ያውም አንተ ባጃጅ አሳፍረኸኝ፣ ባጃጁ ውጭ እየጠበቀ… ወሬያችንን እንኳ ሳንጨርስ።»

ባጃጅ ያሳፈርኳት እንዳትደክም ብዬ ነው። እንዲህ ልላት ነበር።

«ሁሉንም መልሼልሻለሁ» አልኳት።

«ሁሉንማ አልፈልግም። ጀሪካኑም ወፍጮውም ያንተው ይሁን፣ ወገቤን ይቆርጠኝ ነበር። የእናቴን መንገድ ስጠኝ።»

«አብሬሽ ልሂድ?»

«ብቻዬን።»

አሁን እኔ ያለ ጉዳይ እሄዳለሁ። ባጃጁ ይቆማል፤ «ወዴት ነው ጋሼ?» ይሉኛል። «የትም» እላለሁ። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። የእሷም ግፊት ገና አልተስተካከለም፤ መድኃኒት ትውጣለች፣ በየወሩ እንለካለን፤ ኪኒኑን ስትውጥ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን የማሳርፍበት አጣለሁ።

ባለፈው ሰሞን ሳላስበው እግሬ በሐይቁ በኩል ወሰደኝ። ከሩቅ አየኋቸው፤ እናትና ልጅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሳህኑ መሬት ላይ ባዶውን። እማማ አንድ ነገር አሉ፤ ሚስቴ ወደ ኋላ ተለጥጣ፣ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። ሳቋ መንገዱ ድረስ ተሰማኝ። እንዳያዩኝ ቶሎ ዞርኩ። ያንን ሳቅ ስንት ወር ቤቴ ውስጥ አልሰማሁትም ነበር፤ መጥፋቱንም ያወቅኩት ያኔ ነው።