በጣሳው ግርጌ የታተመው ዓመት

ታላቅ እህቴ ፊደል አልቆጠረችም። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እሷ አካፋ ስለያዘች ነው እኔ፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ እስክሪብቶ የያዝኩት። የማታ ትምህርት ስጀምር ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። አሁን ከሚዛን ጋር በተያያዘችው አማን ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ክፍል እሠራለሁ። እትዬ ግን ሸዋ ቤንች አጠገብ ከወንዝ ዳር ባለች ቁራሽ መሬት ጥቅል ጎመን ስታለማ ኖረች።

ዝናቡ ጋብ ሲል፣ የመስኖው ወራት ሊገባ ሲል፣ በሚኒባስ ወደ ሚዛን ትመጣለች። ዘሯን ከገበያ ገዝታ፣ ጣሳውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ እኔ ቤት ትገባለች። «በይ አንብቢልኝ» ትለኛለች። ሳነብ ጽሑፉን ትታ ከንፈሬን ታያለች።

እኛ አካባቢ ሰው ዘር በስሙ አይጠራም፤ በሥዕሉ እንጂ። እትዬ የምታምነው ጣሳው ላይ ወፍ ያለበትን ነበር። «ባለ ወፉን ስጠኝ» ብላ ትጠይቃለች፣ ሌላም አትነካም። ክፉ ዘር አልነበረም። ግን ስም ያወጣ ዘር ጠላትም ያፈራል፤ የባለ ወፉን ባዶ ጣሳ እየለቀሙ፣ ያገኙትን ዘር ሞልተው፣ በቆርኪ እየሰፈሩ የሚሸጡ ነበሩ። ስለዚህ ሥዕሉ ብቻ እንደማይበቃ ነግሬያት ነበር። ክዳኑ ያልተከፈተ ይሁን። የምርት መለያ ቁጥሩ ከቆርቆሮው ላይ የታተመ እንጂ በተለጠፈ ወረቀት ላይ የተጻፈ አይሁን። የዝርያው ስም፣ ከመቶ ስንቱ እንደሚበቅል፣ የተመረመረበትና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን፣ የአስመጪው አድራሻ ይኑርበት። ዘሩ ቀለም የተነከረ ከሆነ መድኃኒት ነውና እጅሽን ታጠቢ፣ ለዶሮም አትበትኝ። ይህን ሁሉ በቃሏ ያዘችው። ከሁሉ የወደደችው ግን የራሷን ፈጠራ ነበር፦ ዘሩ ሲያልቅ ባዶውን ጣሳ በምስማር ትበሳዋለች።

«ምን አድርጎሽ ነው?» ስላት፣ «ሌላ ሴት እንዳታለቅስበት» አለችኝ።

ባሏ ከሞተ በኋላ መሬቷ የእሷ መሆኑ እያጠራጠረ መጣ። የባሏ ወንድም ክፉ ሰው አይደለም፤ ቡና እንጂ ጎመን ሀብት አይመስለውም። ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ «እትዬ፣ እስካሁን ታግሻለሁ። ይህቺን በጋ ልይሽ። መሬቱ እንጀራ ከሰጠሽ ያንቺ ነው፤ ካልሰጠሽ ቡና እተክልበታለሁ» አላት። ሽማግሌዎቹም አዎ አሉ። እሷም አዎ አለች። ማንም ያልተናገረው፣ ቡና አንዴ ከተተከለ መሬቱ ወደ ጎመን እንደማይመለስ ነው።

በዚያው ዓመት አንድ ደስ የሚል ነገር ሆኖ ነበር። እትዬ ቁጥር ማንበብ ጀመረች። ማንም አላስተማራትም። በጸሎት ቤታቸው መሪው የመዝሙሩን ቁጥር ሲጠራ ጎኗ ያለችው ሴት ገጹን ትከፍትላት ነበር፤ እሷም እያየች፣ እያየች፣ አንድ እሁድ ቀድማ ከፈተችው። ከዚያ በኋላ ያላነበበችው ቁጥር የለም። ሚዛን ስትመጣ የባጃጁን ታርጋ፣ የመብራት ምሰሶውን ቁጥር፣ የሱቁን ስልክ ጮክ ብላ ትጠራለች።

«እትዬ፣ ሰው ያየናል» እላታለሁ።

«ይየኝ! አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምታነቢ? መጽሐፍ ይዘሽ ስትቀመጪ ድስትሽ እያረረ፣ እኔ ቁጥር ሳነብ ታፍሪያለሽ?»

ያን በጋ ዘር ስትገዛ ወደ እኔ አልመጣችም። ለሥራ ጉዳይ ቴፒ ነበርኩ። ስልክ ደወለች። «ዘሩን ገዛሁ። ራሴ አነበብኩት» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ኩራት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ክዳኑ ደህና ነው፤ ወፉም አለ፤ ቁጥሩም ቆርቆሮው ላይ ነው። ጊዜው ደግሞ ገና ነው፣ ብዙ ዓመት ቀርቶታል!»

«ጎበዝ» አልኳት። ደስ ብሎኝ ነበር።

ዘሩ አልበቀለም ለማለት አይቻልም። መደቡ ላይ እዚህም እዚያም ብቅ አለ፤ እንደ ሽማግሌ ጥርስ። እትዬ ጉንዳን ነው አለች። አመድ ነሰነሰች፣ መደቡን አዛወረች፣ ከዚያው ጣሳ ደግማ ዘራች። አሁንም እንደዚያው። ጎረቤቷ፣ «አፈርሽ ደክሟል፤ ነጩን ማዳበሪያ ስጪው» አላት። እሷም ከተከፈተ ጆንያ በሳህን እየሰፈረ ከሚሸጥ ሰው ዩሪያ ገዝታ፣ ለቀሩት ለጋ ችግኞች ግርጌያቸው ላይ ጣለችላቸው። በማግስቱ ጫፋቸው ተቃጠለ።

ከቴፒ ተመልሼ የሄድኩት ያኔ ነው። መደቡ አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት፣ የውኃ ማጠጫው ጎኗ ላይ ተጋድሞ።

«ማዳበሪያው ሐሰተኛ ነው መሰለኝ» አለችኝ።

ከሳህኑ የተረፈውን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨመርኩት። አንድም አሸዋ ሳይተርፍ ሟሟ፤ ብርጭቆውም እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ዩሪያ እንዲያ ነው። «እውነተኛ ነው፣ እትዬ» አልኳት። «ግን ጆንያው ላይ ሦስት ቁጥር አለ። የመጀመሪያው አርባ ስድስት ነው፤ ቅጠል የሚያበዛው ናይትሮጂን ነው። ሁለቱ ዜሮ ናቸው፤ ለሥር የሚሆነው የለበትም። ለጋ ችግኝ ግንድ ላይ ሲጣል ያቃጥላል።»

«ጆንያውን አላየሁትማ። በሳህን ነው የሸጠልኝ። ባየው ኖሮ ቁጥሩን አነበው ነበር።»

ጣሳውን አምጪልኝ አልኳት። ከቤት ይዛ ወጣች፣ አቧራውን በልብሷ እየጠረገች። ወፉ ወፉ ነበር። የቁጥሩ ኅትመት ጥርት ያለ ነበር። ገልብጬ ግርጌውን አየሁት። ዓመቱ ከእኛ ዓመት በእርግጥ ይበልጣል። ግን የእኛ ዓመት አልነበረም። የፈረንጅ ነበር። በፈረንጅ ሲቆጠር የዘሩ ጊዜ ካለፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

ወዲያው አልነገርኳትም። በእርግጠኝነት ሳላውቅ የማልናገር ሰው ነኝ፤ ይህ ጠባዬ ብዙ ጊዜ ይጠቅመኛል፣ ያን ቀን ግን መሸሻ ሆነልኝ። ከዘሩ ጥቂት ቆንጥሬ ቤቴ ወሰድኩ። እርጥብ ጨርቅ ላይ በትኜ ጠቀለልኩት፣ እንዳይደርቅም እያራስኩ ጠበቅሁ። ደህና የጎመን ዘር ሳምንት ሳይሞላ ነጭ ሥር ያወጣል። ጨርቁን ስፈታው ከእፍኝ ፍሬ መሐል የበቀለው በጣት ይቆጠር ነበር፤ የቀረው አብጦ ሻግቷል። እንግዲህ ሐሰተኛ ዘር አልነበረም። ስሙ ያለው፣ ጥሩ ዘር ነበር፤ በእኛ ሙቀትና ጭጋግ መደርደሪያ ላይ ሲሰነብት የሞተ።

እትዬ ዘሩን ወደ ገዛችበት ሱቅ ሄድኩ። ሚዛን ገበያ ዳር፣ የከሰዓት ፀሐይ መደርደሪያው ላይ የሚያርፍበት ሱቅ ነው። ባለ ወፉ ጣሳዎች በጎናቸው ተጋድመው ተደርድረዋል። አንዱን አንስቼ ገለበጥኩት።

«ምን ልታዘዝ፣ እናቴ?» አለኝ ነጋዴው።

«ይህ ጊዜው ያለፈ ነው።»

«እሱ በፈረንጅ ነው እኮ» አለና አፉን ዘጋ። ማወቁን በገዛ አፉ ነገረኝ።

«ታውቃለህ ማለት ነው።»

«ማንም አይጠይቅማ! እስከዛሬ ማንም አልጠየቀኝም።»

«አንዲት ሴት ገዝታ ነበር፤ ሻሽ ያሰረች፣ ረጅም፣ ከሸዋ ቤንች…»

«አስታወስኳት! ራሷ አነበበችው እኮ። ጮክ ብላ ነው ያነበበችው፤ ‹ገና ነው፣ ገና ነው› ብላ ሳቀች። እኔ ምን ልበል?» ፊቱን አዞረ። «ደስ ብሏት ነበር። ደስታዋን እንዴት ላበላሽ።»

አዲስ ዘር ልስጥሽ አለኝ፣ ከውስጥም አወጣ፤ ይሄኛው ቀኑ ደህና ነበር። ወሰድኩት። ግን ቢዘራ፣ ቢበቅል፣ ተነቅሎ ቢተከል፣ ጎመኑ ሳይጠቀለል ዝናቡ እንደሚደርስበት አውቅ ነበር፤ በዝናብ ውስጥ ጎመን ይበሰብሳል። ስወጣ ነጋዴው ጣሳዎቹን ከመደርደሪያው ያነሳቸዋል ብዬ ዞሬ አየሁ። ግርጌያቸው ወደ ግድግዳው እንዲሆን ያዞራቸው ነበር።

እትዬን ነገርኳት። «ዓመቱ የፈረንጅ ነው። እነሱ ከእኛ ቀድመው ይቆጥራሉ» ብቻ አልኳት።

ጣሳውን ተቀብላ ገለበጠች። ቁጥሩን በጣቷ እየነካች አንድ በአንድ አነበበችው፤ አልተሳሳተችም። «ቁጥሩ ልክ ነው» አለች።

«ልክ ነው፣ እትዬ።»

«እኔም ልክ ነኝ።»

«አዎ።»

«ታዲያ በስንት ዓመት ይቀድሙናል?»

«ሰባት። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ደግሞ ስምንት።»

«እንዲህ ርቀው ሄደዋል ማለት ነው» አለች። አዲሱን ዘር ዘራች፤ እጇ ስለ ለመደ ብቻ ነው፣ ተስፋ ስላላት አይመስለኝም። በቀለ፤ ያማረ ችግኝ ነበር። ዝናቡ የመጣው ቅጠሉ መጠቅለል ሲጀምር ነው፤ ከውስጡ ጠቁሮ ሸተተ። የባሏ ወንድም በቃሉ ሰው ነው፤ በፕላስቲክ የተተከሉ የቡና ችግኞቹን ጠርዙ ላይ ደረደረ። «አይክፋሽ፣ እትዬ» አላት፣ ዓይኑ መሬት መሬት እያየ። እሷም ጉድጓዱን ስትቆፍር አገዘችው። ሰው ነች።

ያችን ጣሳ ደረቷ ላይ ይዛ፣ በደጇ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በምስማር ስትበሳት አየሁ። ግማሹ ዘር ገና ውስጡ ነበር። በቀዳዳዎቹ እየፈሰሰ ጉልበቷ ላይ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

አሁን ከእኔ ጋር አማን ትኖራለች። ገበያ ተቀምጣ የሌሎች ሴቶችን ጎመን ትቸረችራለች። በመንገድ ስንሄድ ባጃጆች ያልፋሉ። ታርጋቸውን እንድትጠራ ፍጥነቴን ቀንሼ እጠብቃለሁ፤ እሷ ግን ፊት ለፊቷን እያየች ትሄዳለች። የደም ግፊቷ መድኃኒት ሲታዘዝላት፣ ካርቶኑን ሳታየው ወደ እኔ ትዘረጋለች። «ዓመቱን እይልኝ» ትላለች። አየዋለሁ። «ገና ነው፣ እትዬ» እላታለሁ። ከንፈሬን አታይም።