ሠራተኛዋ ማን ናት?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሠርግ እየቀረጽኩና እያቀናበርኩ በምተዳደርበት ጊዜ፣ ስለ አባቴ አጭር ዘጋቢ ፊልም ጀመርኩ። አባቴ ደብረ ወርቅ አጠገብ ቅኔ የሚያስተምሩ የኔታ ናቸው። ረቂቁን እንደምንም ገጣጥሜ ከጨረስኩ በኋላ ግን እያንዳንዱን ምስል በቃሌ ስለማውቀው፣ ለሌላ ሰው ይግባ አይግባ መለየት አቃተኝ።

ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተሰቤን የማያውቁ ጥቂት ሰዎች ቪዲዮ ወደማቀናብርበት ሱቄ ጠራሁ። መጋረጃውን ዘግቼ ምንም ሳላስረዳ አሳየኋቸው። ከጎን ተቀምጬ ፊታቸውን እየተመለከትኩ፣ ግራ ሲጋቡ ደቂቃውን ማስታወሻዬ ላይ እይዝ ነበር። ሲያልቅ ወደዳችሁት ወይ አላልኩም። «ያያችሁትን ታሪክ ንገሩኝ» አልኳቸው።

«የኔታ መሞታቸው አሳዘነኝ» አለ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው።

«አልሞቱም እኮ።»

«ታዲያ ወንበራቸው ባዶ ሆኖ ደወል ሲደወል ምን ልበል?»

ያን ያዝኩ። ቀጥላ ከሆስፒታል የመጣችው ነርስ፣ «ያቺ ሠራተኛቸው ግን ጎበዝ ናት» አለች። «ውሃው በሷ፣ እንጨቱ በሷ። ለመሆኑ ይከፍሏታል?» ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያቺ ሴት ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት ትምህርቷን ትታ ቤቱን የያዘች፣ እኔን ማርቆስ ልካ ያስተማረች። ቀረጻው ላይ ብዙ አውርታ ነበር። ወሬዋ ይንዛዛል፣ የአባባን ሐሳብ ያቋርጣል ብዬ አንድ ቃል ሳላስቀር ቆረጥኩት። ስትሠራ የሚያሳዩትን ምስሎች ግን ስለሚያምሩ አልነካኋቸውም።

ልብስ ሰፊው፣ «ማን ማን እንደሆነ አንቺ ተርኪበት» ሲል መከረኝ። የጠፋበትን ቦታ በትክክል ነግሮኛል፤ የጎደለው ግን የእኔ ድምፅ አልነበረም።

በማግሥቱ ባዶውን ወንበር አወጣሁ፣ ደወሉን ወደ ማለዳው ክፍል አዛወርኩ። ከዚያ የእህቴን ቅጂ ከፍቼ አዳመጥኩ። «እናቴ ስትሞት ደብተሬን አስቀመጥኩ፤ አባባን ልጦር፣ ታናሼም ትማር ብዬ» ትላለች። ቀጥላም፣ «አበላሸሁብሽ እንዴ? ይብቃኝ?» ትላለች። «ይበቃል እትዬ» ይላል የእኔ ድምፅ፣ ቸኩሎ። ያን ስሰማ ጆሮ ማዳመጫውን አወለቅኩ።

የእህቴን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ውሃ ስትቀዳ ከምትታይበት ምስል ጋር አያያዝኩት። ቦታ እንዲያገኝ ብዬ የምወደውን የጉም ምስል አሳጠርኩ። በሚቀጥለው እሑድ ፊልሙን ፈጽሞ ላላዩ ሌሎች ሰዎች አሳየሁ። ስለ ሠራተኛ የጠየቀ አልነበረም። አንዷ፣ «ታላቅ ልጃቸው ባትኖር ቤቱም የቅኔ ጉባኤውም ይፈታ ነበር» አለች።

በኋላ ለእህቴ አሳየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አየችና፣ «ሰዎቹ ስለኔ ምን አሉ?» አለችኝ።

«ጎበዝ ናት አሉ።»

ደስ አላት። ከየትኛው ቃል ጋር እንደተባለ ግን አልነገርኳትም።