የነሐሴዋ ሕፃን ቀጠሮ

የኔሰው የቢቸና ልጅ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ጋሼ ይማም ሞጣ ላይ በከፈቱት አነስተኛ የሶፍትዌር ቤት ሲሠራ ሦስት ዓመት ሞልቶት ነበር። በ2009 ሰኔ ላይ ግን ዘሚራ የምትባል የሞጣ ልጅ ተቀጠረችና ሰላሙን ነሳችው።

ሥራው ለአንድ የቢቸና የግል ክሊኒክ የሚሆን የክትባት መዝገብ ነበር። የኔሰው ሕፃን የተወለደበትን ቀን ተቀብሎ፣ አርባ ሁለት ቀን ቆጥሮ የክትባቱን ቀጠሮ የሚመልስ ፋንክሽን ኤስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ ቋንቋ ጽፏል። ፕሮግራሙን ወስዶ የሚተክለው እኔ ነኝ ብሎም ልቡን አሳምኗል። እናቱ ወይዘሮ ይርጋነሽ የዚያው ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናቸው። በሥራ ጓደኞቻቸው ፊት ኮምፒዩተሩን ሲከፍት እንዲያዩት በሐሳቡ ስንት ጊዜ ቢቸና ደርሶ ተመልሷል።

ጋሼ ይማም ፕሮግራሙ ከመሄዱ በፊት ዘሚራ ስህተቱን የሚፈትሽ ቴስት እንድትጽፍለት አዘዙ። እሷም የክሊኒኩን እውነተኛ መረጃ አልነካችም። ትእዛዝ ስትሰጥ ባዶ ዳታቤዝ ይፈጠራል፤ ሰንጠረዦቹና ፋንክሽኑ ይገቡበታል፤ ከዚያ እሷ በምናቧ የወለደቻቸው ጥቂት ሕፃናት ይሰፍሩበታል። የእያንዳንዳቸውን ቀጠሮ አስቀድማ በካላንደር ላይ በጣቷ ቆጥራ ጽፋዋለች። ፋንክሽኑ የመለሰው ከእሷ መልስ ጋር ይተያይና ዳታቤዙ ከነሕፃናቱ ይጠፋል። ሲደገም ካለፈው ሙከራ አንዳች ፍርፋሪ ሳይቀር ሁሉም ከባዶ ይጀምራል። አንድ መንደር በአንድ ትንፋሽ ተሠርቶ፣ ተጠይቆ፣ ፈርሶ ያልቃል። ጋሼ ይማም ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና እንደ ልጅ እየተገረሙ ደግመው አስኬዱት። ለየኔሰው ሥራ ወንበር ስበው አያውቁም። ያ የወንበር ድምፅ ጆሮው ውስጥ ቀረ።

ዘሚራ ለምሳ ስትወጣ ቴስቱን ራሱ አስኬደው። አንድ መስመር ቀላ። በ2008 ነሐሴ 1 የተወለደች ኸይራት የምትባል ሕፃን፤ የተጠበቀው መስከረም 8፣ የተገኘው መስከረም 13። ፋንክሽኔ ተሳስቶ ይሆን ብሎ አላሰበም። ይህችን ልጅ እኔን ልታዋርድ ነው የወለደቻት አለ በልቡ። የቴስቱን ፋይል ከፈተና 8ን አጥፍቶ 13 ጻፈ። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ይማም መጥተው ውጤቱን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ በነጋታው ቢቸና እንዲሄድ ለየኔሰው ነገሩት። ዘሚራ ግን ስክሪኑ ላይ ፈዛ ቀረች።

"ጋሼ፣ አንድ ልጅ ልጨምር" አለች።

"ሳታገቢ?" አሉ ጋሼ ይማም እየሳቁ።

"ወንድም ነው፣ ለኸይራት።"

ልጁን በ2007 ነሐሴ 1 አስወለደችው፤ የዚያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ስለነበረች ቀጠሮውን መስከረም 7 ብላ ጻፈች። አስኬደችው። ቀላ። ፋንክሽኑ ለእሱም መስከረም 13 ብሎ ነበር።

"አንተ ልጅ" አሉ ጋሼ ይማም፣ "ጳጉሜን የት አደረስካት?"

የኔሰው ያን ጊዜ ገባው። የቀን ስሌቱን የገለበጠው ቀደም ሲል ከሠራው የደመወዝ ፕሮግራም ነው። ለጳጉሜ ደመወዝ የለም፤ እዚያ ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው፤ ከነሐሴ ቀጥሎ መስከረም ይመጣል። ሕፃናት ግን በጳጉሜም ያድጋሉ።

"የኸይራትን መልስ የቀየርኩት እኔ ነኝ" አለ።

ዘሚራ ቀና ብላ አላየችውም። "ኸይራትን የጨመርኳት ጠዋት ጋሼ ከሄዱ በኋላ ነው፤ መስመሯ ሲቀላ አይቼ ነበር። ከምሳ ስመለስ ለብቻህ ልነግርህ ነበር" አለች።

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ደግነቷም ሳይቀር አስቀናው።

ጋሼ ይማም አልጮሁም። ፋንክሽኑን እንዲያስተካክል፣ ቢቸና ግን ዘሚራ እንድትሄድ ወሰኑ። የኔሰው የኸይራትን 8 መለሰ፤ ቀኑን ወደ ቀናት ቁጥር ለውጦ፣ አርባ ሁለት ደምሮ፣ መልሶ ወደ ቀን እንዲያመጣ አድርጎ ፋንክሽኑን እንደ አዲስ ጻፈ። ሁለቱም የነሐሴ ልጆች አረንጓዴ ሆኑ። ዘሚራም በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረች።

በማግስቱ እናቱ ደወሉ። ልጅቷ ሁሉንም እንዳስተማረች፣ የነሐሴውን ቀጠሮ ያስተካከለው የኔሰው ነው ብላ በሰው ሁሉ ፊት እንደተናገረች፣ እሳቸውም ለምሳ ወደ ቤታቸው ወስደው ሽሮ እንዳበሏት ነገሩት።

"የት አስቀመጥሻት?" አለ።

"ያንተ ቦታ ነዋ። የት ላስቀምጣት?"

የኔሰው ስልኩን ከጆሮው አላነሣም። እናቱ ስለ ዘሚራ ጨዋነት ማውራታቸውን ቀጠሉ፤ እሱም አንዲት ቃል ሳታመልጠው ሁሉንም አዳመጠ።