ሙሃዮ ያጠፋችው መስመር

ሪሶላት ናማንጋን ከተማ በሚገኝ አንድ የመምህራን ኮሌጅ ሂሳብ ስታስተምር ነው ፀጉሯ የሸበተው። ሌላው ሰው ሙቀት ሲባል የሰኔ ፀሐይ ወይም የዳቦ እቶን ይታየዋል። ለእሷ የሚታያት ግን አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው፤ ሁለት ጫፎቹ በማይለወጥ ሙቀት ተይዘው መሃሉ ቀስ እያለ የሚረጋ ዘንግ። ባሏ ሶቢር በሕይወት ሳለ፣ “አንቺ እኮ ያገባሽው ያንን ብረት ነው፤ እኔን ለወጉ ነው ያስቀመጥሽኝ” እያለ ያበሽቃት ነበር። እሷም ስቃ ታልፈዋለች እንጂ አትክድም።

ለተማሪዎቿ ነገሩን የምታስረዳው ተረት የምታወራ እየመሰለች ነው። ዘንጉን ዓለም ረስቶት ብዙ ዘመን ቢቀመጥ ምን ይሆናል ትላቸዋለች። ሙቀቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይረጋል። እንግዲህ መጀመሪያ ይህን ቀሪ መስመር ፈልጉና ቀንሱት። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ነገር ሁለቱም ጫፍ ላይ ዜሮ ይሆናል፤ የቦታውን ጉዳይ ከጊዜው ጉዳይ መነጠል የሚያዋጣውም ያኔ ነው። ቦታው በሳይን ሞገዶች ይጻፋል፣ ጊዜው እያንዳንዱን ሞገድ እያከሰመ ይሄዳል። ሁለተኛው ሞገድ ከመጀመሪያው አራት ጊዜ ፈጥኖ፣ ሦስተኛው ዘጠኝ ጊዜ ፈጥኖ ይከስማል። ሰፊውና ለስላሳው የመጀመሪያው ሞገድ ግን ከሁሉም በኋላ ይቀራል።

ሶቢር ከሞተ ወዲህ ይህን ስታስተምር ድምጿ ለየት ይላል። ሰውየው በሞተ ሰሞን ኀዘኗ ብዙ ነበር፤ ጫማው በር ላይ ሲታያት፣ ሳሉ ከጓዳ የሰማች ሲመስላት፣ ለሁለት ሰው ሻይ ቀድታ ስትገኝ። እነዚያ ሹል ሹሎቹ ሳይቆዩ ጠፉ። የቀረው አንድ ሰፊ ነገር ነው፤ ጠዋትም ማታም ያው የሆነ፣ የማይወጋ ግን የማይለቅ። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ሂሳብን ለኀዘን ማስረጃ ማድረግ ያሳፍራታል።

ያም ሆኖ ከዚህ ዓመት የበረዶ ክረምት ጀምሮ ሌላ ስጋት ገብቷታል። የምታውቀው ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ይጠፋባታል። ክፍል ውስጥ ጀምራ የተወችው ዓረፍተ ነገር የት እንደደረሰ ይጠፋታል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ባገኛት ቁጥር ስለ ዕረፍት ጥቅም ያወራላታል፤ ሐኪም ያዘዘው ይመስል። ሪሶላት እየሳቀች ታልፈዋለች። ከዚያ ሰሌዳ ፊት ከተነሳች ግን የምትሄድበትን አታውቅም።

የመጨረሻው ፈተና ቀን ደረሰ። ጥያቄ በዕጣ ይወጣል፤ ተማሪው ያወጣውን ይዞ ጥቂት ይዘጋጃል፤ ከዚያ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ በቃሉ ይመልሳል። ከተፈታኞቹ አንዷ ሙሃዮ ናት፣ የሪሶላት የልጇ የቦቲር ሚስት። ሙሃዮ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሆዷ ገፍቷል። ይህን ፈተና ከወደቀች ያለው ዕድል በሚመጣው ዓመት ሕፃን ታቅፎ መመለስ ነው፤ በዚያ አገር ሕፃን ታቅፋ የተመለሰች ሙሽራ እምብዛም አትታይም። ሙሃዮም ሪሶላትም ይህን ያውቃሉ፣ አልተነጋገሩበትም።

አማት ምራቷን ብቻዋን እንዳትፈትን ተብሎ ተማሪዎቹ ዶምላ፣ ማለትም መምህር፣ የሚሉት ኤርጋሽ አብሯት ተቀምጧል። ኤርጋሽ ድሮ የእሷው ተማሪ ነበር፤ አሁን ቦታዋን ይወርሳል የሚባለው እሱ ነው። ሪሶላት ጠዋት ከቤት ስትወጣ ለራሷ ቃል ገብታለች፤ ሙሃዮ ሰሌዳ ፊት ስትቆም አፏን አትከፍትም። ዝም አይነቅዝም።

መስኮቱ ተከፍቷል። ከውጭ ያለው የነጭ እንጆሪ ዛፍ ፍሬውን ያራግፋል፤ የወደቀው ፍሬ መሬቱን አጣብቆ፣ ንብ ከቦት፣ ጣፋጭ ሽታው እስከ ክፍሉ ይገባል። ሶቢር ከዚህ ዛፍ ሥር አንሶላ ዘርግቶ ቅርንጫፉን ሲያወዛውዝላት ትዝ አላት፤ ፍሬው እንደ ዝናብ ሲወርድ፣ እሷ ወጣት ሆና አንሶላው መሃል ቆማ ስትስቅ። ኤርጋሽ ጥግ ላይ ሌላ ተማሪ እየጠየቀ ነው። ሰሌዳው ላይ ጠመኔ ይንጫጫል። ሪሶላት በግማሽ ዓይኗ አየች፤ አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ዘንግ ስላለች፣ ከሱ በላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር አስምራለች።

“ያን መስመር አጥፊው፣ የኔ ልጅ” አለች ሪሶላት፣ በሐሳቧ ገና ከአንሶላው መሃል ሆና። “ጫፎቹ ዜሮ ናቸው። በቀጥታ መነጠል ጀምሪ።”

የልጅቱ እጅ አየር ላይ ቆመ። ዞራ አየቻት። ከዚያ ዳስተሩን አንስታ መስመሩን አጠፋችው።

ሪሶላት ማን መሆኗን ልብ ሳትል መልሳ ወደ ዛፉ ዞረች። ነቃ ያለችው ኤርጋሽ ወንበሩን ጎትቶ ሰሌዳው ፊት ሲቀመጥ ነው። ያን ጊዜ ሰሌዳው ፊት የቆመችው ሙሃዮ መሆኗን አየች። ከላይ የተጻፈውን ጥያቄም አነበበች፤ ከእቶን የወጣ፣ እኩል መቶ ዲግሪ የሆነ ዘንግ፣ ግራ ጫፉ ሃያ ላይ፣ ቀኝ ጫፉ ሰማንያ ላይ ተይዟል። ዜሮ የሚባል ጫፍ የለም። ጫፉ ዜሮ የሆነው ዘንግ ከሙሃዮ በፊት ሰሌዳው ፊት የቆመው ልጅ ጥያቄ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የሪሶላት ቃል አፋፉን ተሻግሮ ሄዷል።

ኤርጋሽ ሰሌዳውን አየና ቅንድቡን አነሳ። ሙሃዮ ሙቀቱን የቦታና የጊዜ ክፍል ብዜት አድርጋ ጽፋ፣ ሁለቱን በእኩልታው ወዲያና ወዲህ ነጥላ፣ ሁለቱም ከአንድ ቋሚ ቁጥር ጋር እኩል መሆናቸውን አሳይታለች። እጅ ጽሑፏ ያምራል፣ ሥራዋም ንጹህ ነው። የተነጠለው ግን መስመሩ ሳይቀነስለት መነጠል የማይገባው ነገር ነው።

“ግራ ጫፍ ላይ እስቲ” አላት ኤርጋሽ።

“የቦታው ክፍልና የጊዜው ክፍል ተባዝተው ሁልጊዜ ሃያ ይሆናሉ፣ ዶምላ።”

“ሁልጊዜ ሃያ ከሆኑ የጊዜው ክፍል ምን ይሆናል?”

“ፍንክች አይልም።”

“ታዲያ ይሄ ዘንግ መቼ ሊቀዘቅዝ ነው? የልጅ ልጆቻችንን ሊጠብቅ ነው?”

ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ሳቁ። ሙሃዮ መሬት መሬት አየች። ኤርጋሽ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሌላ መንገድ ይታይሽ እንደሆነ ብሎ ጠየቃት፣ ጠበቃት፣ ደግሞ ጠየቃት። እሷ ጠመኔውን በጣቶቿ እያሻሸች ዝም አለች። ሪሶላት የምራቷን ዝምታ ታውቀዋለች። አማት ቆማ እንደማይቀመጡት፣ አማት ያለችውን እንደማይመልሱት ያለ ዝምታ ነው። ኤርጋሽም ሰሌዳውን በደንብ ሲያየው፣ የጠፋው መስመር በጠመኔው ብናኝ ውስጥ እንደ ጥላ ይታይ ኖሮ፣ “እዚህ አንድ ነገር ነበር፤ ማነው ያጠፋው?” አለ።

“እኔ ነኝ” አለች ሙሃዮ ፈጥና። “ትክክል አልመሰለኝም።”

ኤርጋሽ ተነፈሰ። ሁለት ልጽፍላት ነው ብሎ ወደ ሪሶላት ዘንበል አለ፤ ከአምስት ሁለት የወደቀ ሰው ውጤት ነው። ክፍሉ ውስጥ እውነቱን የሚያውቁት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው። አንዷ ዝም ብላለች። ሌላዋም ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ መስከረም ሲጠባ እዚሁ ሰሌዳ ፊት ትቆማለች። ሪሶላት ይህን አሰበች። አሰበች ብቻ አይደለም፣ ለአንድ አፍታ ወደደችውም። ያን መውደዷን ስታየው ደነገጠች።

“እኔ ነኝ ያስጠፋኋት” አለች። “ጫፎቹ ዜሮ ናቸው ብዬ። ሌላ ጥያቄ ውስጥ ነበርኩ፣ ኤርጋሽ። ልጅቱ ልክ ነበረች።”

ኤርጋሽ ብዕሩን አስቀመጠ። አስተማሪውን እንደዚህ ሲያያት የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ዞሮ ሙሃዮን፣ “ካወቅሽ ለምን አልተቃወምሽም?” አላት።

“አማቴን?” አለች ሙሃዮ። እሱም ሌላ አልጠየቃትም። ናማንጋን ተወልዶ ነው ያደገው።

“እዚህ ክፍል ውስጥ አማት የለሽም” አለች ሪሶላት። “እንግዲህ ተሳስተዋል በይኝ።”

ሙሃዮ ፊቷ ቀላ። “ተሳስተዋል፣ ኦፓ” አለች በመጨረሻ፣ ቤት ውስጥ እንደምትጠራት እማዬ ብላ ሳይሆን፣ ተማሪዎቹ ሁሉ እንደሚጠሯት። ከዚያ ሰሌዳውን አጽድታ ቀጥ ያለውን መስመር እንደገና አሰመረችው፣ ከሃያ ወደ ሰማንያ። እሱን ከመቶው ላይ ቀነሰችው። የተረፈው ጫፎቹ ዜሮ ላይ ተያዙ፣ ሳይኖቹ በየተራ መጡ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ፍጥነት የሚከስምበትን ጻፈች፣ መስመሩን መልሳ ደመረችው። ስትጨርስ ሆዷን በግራ እጇ ደግፋ ቆመች። ኤርጋሽ አራት ሰጣት። ሂሳቡ አምስት ነው፣ አንዱን የቀነስኩት ያወቀችውን ስላጠፋች ነው አለ። ሪሶላት ፈረመች፤ የመስከረሙን ክፍል አንተ ውሰደው አለችው።

ኮሪደሩ ባዶ ነበር። ሙሃዮ እንደ ወጉ የአማቷን ቦርሳ ተሸክማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ተከተለቻት፤ ታለቅሳለች። ሪሶላት ቆማ፣ አለፍሽ እኮ፣ አሁን ምን ያስለቅስሻል አለቻት።

“ዝም ያልኩት ሰው ፊት እንዳይናገሩት ብዬ ነበር” አለች ሙሃዮ። “እኔ ብወድቅ ይሻል ነበር። እኔ እመለስበታለሁ። እርስዎ ግን አንዴ ካወቁብዎት…”

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ሪሶላት ለመጨረስ አልቸገራትም። ከክረምት ጀምሮ ብቻዬን ደብቄዋለሁ ስትል የኖረችው መርሳቷ ነበር።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?”

“ከክረምት ጀምሮ፣ እማዬ። እርስዎ የሚረሱትን እኔ እየተከተልኩ አስተካክለው ነበር። ለቦቲርም አልነገርኩት።”

ሪሶላት ቦርሳዋን ከምራቷ ትከሻ ላይ አውርዳ በራሷ ትከሻ አንጠለጠለችው። ክንዷን ይዛ ከኋላዋ ወደ ጎኗ አመጣቻት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ደረጃውን ወረዱ።