ድንኳኑ የተተከለበት ግቢ

የርብ ወንዝ በክረምት ሲሞላ የፎገራን ሜዳ ውጦ ይከርማል። አንዳንድ ዓመት ውሃው ሲሸሽ መውረጃውን ለውጦ ይገኛል። የዚያን ዓመት ከአንዲት ባልቴት ማሳ ወዲህ ሰብሮ ወረደና ማሳዋ ከማዶ ቀረ። የማዶው ባለጠጋ «ድሮም ወሰናችን ወንዙ ነው» ብሎ በሬ ጠመደበት። ሴትዮዋ ሌላ መሬት አልነበራትም። ያ ከሄደ ልጆቿን ይዛ የሰው ደጅ መጥናት ነበር ዕጣዋ።

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወረታ ላይ ዳኛ ነበሩ። በዚያ ዘመን የችሎቱ ሰብሳቢ ገዥው ራሳቸው ናቸው። ለጉብኝት ሲወርዱ የከበደው ሙግት ይቆይላቸዋል። ዳኞች ከግራ ከቀኝ ተቀምጠው ሐሳብ ይሰጣሉ እንጂ የመጨረሻው ቃል የገዥው ነው።

በጥቅምት ገዥው መጡ። ድንኳናቸው የተተከለው በባለጠጋው ግቢ ሆነ። ሰንጋ ተጣለ፤ ጥንብ አንሳዎች ከቤቱ በላይ ሲዞሩ ከኛ ደጅ ይታዩ ነበር። ባልቴቲቱ እየሮጠች መጥታ አባቴ እግር ላይ ወደቀች። ነገሯን ሁሉ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም እስከ መጨረሻው ሰሟት።

እሷ እንደ ሄደች ብዕር አነሱ። ጽፈው ሲጨርሱ፣ እኔና እናቴ ጥጥ እየፈተልን ሳለን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፦

«እጅ እየነሳሁ አሳስባለሁ። ባለጉዳዮቹ እኩል ይቁሙ፤ አንዱ ተቀምጦ ሌላው ቆሞ አይሟገት። የአንዱን ቃል ሌላው በሌለበት አይስሙ። የሚንተባተበውን እስኪጨርስ ይታገሡት። ምስክሮች ከቤተ ክርስቲያን ደጅ በግዝት ምለው፣ ለየብቻ ይናገሩ። ፍርዱ እስኪያልቅ ከሁለቱም ቤት እህል ውሃ አይቅመሱ።»

የእናቴ እንዝርት ቆመ። «አንቱ፣ ይኸን ለሳቸው? ድንኳኑ እኮ ተተክሏል!»

«ስለ ተተከለ አይደል የምጽፈው።»

«የነብር ጭራ አይዙም።»

«ከያዙም አይለቁም» አሉና ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም።

ደብዳቤው ሄደ፤ መልስ ግን አልመጣም። ቁጣ ቢመጣ ይሻለን ነበር። እናቴ ውዳሴ ማርያም ስትደግም እየተሳሳተች ከመነሻው ትጀምር ነበር።

ችሎቱ ከገበያው ዳር ከዋርካው ሥር ዋለ። እኛ ሴቶቹ ከኋላ ቆምን። ባለጠጋው ከገዥው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ባልቴቲቱ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ገዥው ደብዳቤውን ከካባቸው አውጥተው ለጸሐፊው ሰጡት።

«ጮክ ብለህ አንብብ፤ ሕዝቡም ይማር።»

ተነበበ። 

«ተነሥ» አሉት ባለጠጋውን።

«ጌታዬ፣ እኔ?» ብሎ ሳቀ።

«አንተ። ዳኛው የጻፉትን ሰማህ አይደል? ከሷ ጎን ቁም።»

ቆመ። ገዥው ዝግ ብለው ወደ አባቴ ዞሩ። «ዳኛ፣ ይህች ሴት ነገሯን ነግራዎታለች?»

«ነግራኛለች።»

«የት?»

«ከቤቴ።»

«እሱ ነበረ?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ የአንዱን ቃል ሌላው በሌለበት የሰማው ማነው?»

አባቴ በትራቸውን አነሡ። «እኔ ነኝ። እውነት ብለዋል» አሉና ከወንበራቸው ወርደው ከሕዝቡ መሐል ቆሙ።

«አሁን ነገሩ ጣመ!» አለ ባለጠጋው።

ገዥው ግን አልሳቁለትም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ያስነበቡትን መሻር የማይሆን ሆነባቸው። ከምሳ በፊት ድንኳኑ ተነቅሎ ከወንዙ ዳር ሜዳ ላይ ተተከለ። ምስክር የተቆጠሩት ሽማግሌዎች ከታቦቱ ደጅ በግዝት ምለው አንድ በአንድ፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ፣ የድሮውን መውረጃ በእግራቸው መሩ። ሁሉም በዚያው መንገድ ሄዱ፤ ከማሳው ማዶ፣ አሸዋው ገና ነጭ በሆነበት፣ አኻያው በተሰለፈበት። «ወንዝ በአንድ ክረምት ቢዘል ርስት አብሮት አይዘልም» ብለው ገዥው ለባልቴቲቱ ፈረዱ።

እልልታው ቀለጠ። ገዥው በቅሏቸው ላይ ሲወጡ አባቴን በዓይናቸው ፈለጉና፣ «እንዲህ ያለ ዳኛ እዚህ መባከን የለበትም» አሉ። ሰው ምስጋና መስሎት አጨበጨበ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

በኅዳር ትእዛዝ መጣ፤ አባቴ የወባ ንዳድ ወዳለበት ቆላ፣ ሰው ሄዶ ወደማይመለስበት እንዲዛወሩ። አባቴም አልተመለሱም። እኔም ያገባሁት፣ የወለድኩት፣ እሳቸውንም የቀበርኩት እዚሁ ቆላ ነው።

በጥር ስንነሳ ባልቴቲቱ ከመንገድ ጠበቀችን። ከዚያ ማሳ የነቀለችውን የሽምብራ እሸት ታቅፋ ነበር። አባቴ እጃቸውን አልዘረጉም።

«ፍርዱ አልቆ የለ፣ ጌታዬ?» አለቻቸው።

መንገዱን አዩት፤ የተጫኑትን አህዮች፣ እናቴን፣ እኔንም አዩን።

«ያንቺስ አልቋል» አሉና፣ አንዲት ዘለላ ቆርጠው ለእኔ ሰጡኝ፤ እሳቸው አልቀመሱም።