ከደብዳቤው ጋር ያያዝኩት ዲግሪ

በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ቁስቋም በሚሠራ ሕንፃ ላይ ቀኑን ሙሉ ብሎኬት እቆጥር ነበር። የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ ካድ፣ ማለትም በኮምፒውተር ፕላን መሥራት፣ የሚችል ይላል። እኛ ግቢ ሳለን አንድ ኮምፒውተር ለስድስት ነበር የተማርነው! ስለዚህ ካድ ለሚያስተምር አንድ ማሠልጠኛ ሥራ አስኪያጅ የማታው ኮርስ ላይ ቅናሽ እንዲደረግልኝ ደብዳቤ ጻፍኩ። እናቴ «ዲግሪህን አያይዘው፣ ያከብሩሃል» አለችኝ። ኮፒውን አያያዝኩ። የማሠልጠኛው ጸሐፊ ደብዳቤውም ኮፒውም ላይ ማኅተም መታች።

ሥራ አስኪያጇ አንብባ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ወንድሜ፣ ቅናሹ ለተማሪ ብቻ ነው። ዲግሪው ባይኖር ተማሪ ብዬ አስገባህ ነበር። አሁን ማኅተም ተመቶበት መዝገብ ገብቷል፤ ምን ላድርግህ?»

አመስግኜ ወጣሁ።

እናቴ ቤታችን በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ዲግሪህን አዩት?»

«አዩት» አልኳት።