ቅቤው የእኔ ድርሻ ነበር

ባለቤቴ ልቡን ያመመው ጡረታ በወጣ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ዲላ ያለው ቤታችን የሱ ልብ ቤት ሆነ። ልጆች ሲደውሉ ልቡን ይጠይቃሉ፤ ጎረቤት ሲገባ ልቡን ይጠይቃል። እኔ ሁለት ድስት መጣድ ጀመርኩ፤ አንዱ ቅቤ የማይገባበትና ጨው የተቀነሰበት፣ ለሱ፤ ሌላው የቀረውን ሁሉ የያዘ፣ ለእኔ።

ችግሩ ቅቤው ነበር። ፍስሐ ገነት ከተማ ያሉ ዘመዶቹ በኮባ ጠቅልለው ይልካሉ። አትላኩ ማለት ነውር ነው፤ መጣልም አይሆንም። ስለዚህ ለሱ የተከለከለውን እኔ በላሁት፤ ቆጮውም ጎመኑም በቅቤ ራሰ። የወር አበባዬ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ወገቤ ሰፋ፣ ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ለጎረቤቴ ብነግራት፣ «እርጅና ነው እቴ! ልብ እንደሆን የወንድ በሽታ ነው» አለችኝ። ደስ አለኝ።

አንድ ጠዋት ለክትትሉ ሆስፒታል አብሬው ሄድኩ። ሐኪሟ ለካችውና፣ «ጎበዝ አባቴ! ግፊትዎ ወርዷል» አለችው። እሱም ሽልማት እንደተቀበለ ሰው ቀና አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎስ እናቴ፣ ተለክተው ያውቃሉ?»

«እሷ?» ሳቀ ባለቤቴ። «እሷ ምን አላት? አስታማሚ ናት።»

ለካችኝ። ትንሽ አሳረፈችኝና ደገመችው። ከሱ በለጥኩ። ለምርመራ ደም ሰጠሁ፣ ልቤም በመሣሪያ ታየ። በቀጠሮው ስንመለስ ግፊቴ እንደዚያው ነው፤ መጥፎው ኮሌስትሮልም ከፍ ብሏል። ልቤ ግን ገና አልተጎዳም።

«ሴት ልጅ የወር አበባ እያየች ሳለች ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ይረዳታል» አለች ሐኪሟ። «የደም ሥሯን ያለሰልሳል፤ መጥፎውን ኮሌስትሮል ዝቅ ያደርጋል። ሲያልቅ መጥፎው ይጨምራል፣ የደም ሥሩ ይደድራል፣ ግፊቱም ከዕድሜ ጋር ይወጣል። ስቡም ወደ ሆድ ይሰበሰባል። ያኔ ሴቷ በልብ በሽታ ወንዱ ላይ መድረስ ትጀምራለች።»

«በላዩ ላይ ቅቤ ቢጨመርስ?» አልኳት።

«ማን ጨመረ?»

ባለቤቴ ጣሪያውን አየ። ከዚያ የልቡን ተናገረ፤ «ታዲያ ቅቤውን አሁን ማን ሊበላው ነው?»

ሐኪሟ መድኃኒት ጻፈችልኝ፤ በየቀኑ በእግር እንድሄድም አዘዘችኝ። ቤት እንደገባን የቅቤውን ድስት አጥቤ መደርደሪያው ላይ ደፋሁት። ለፍስሐ ገነት ዘመዶች ራሴ ደውዬ ቅቤው ይቅር አልኳቸው። ደነገጡ፤ ነውሩንም ቻልኩት።

ጎረቤቴ ስትመጣ ባለቤቴ ቀድሞ አወራላት። «ልብ ያሰጋታል ተባለች» አላት በኩራት። «ከእኔ ተጋብቶባት ነው።»

አልተከራከርኩትም። ጎረቤቴን ግን እጇን ይዤ አስነሳኋት። የሷም የወር አበባ ከቆመ ቆይቷል፤ ሆስፒታሉም እስከ ማታ አይዘጋም።